ስለ ተዛወረው ደረጃ

ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ባለፈው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ አሠሪው ንድፉን በለወጡ ቁጥር ደብዳቤ መጻፍ ጠብ መጫር አይሆንብንም? ሥራው ሲያልቅ ጠቅለል አድርገን ብንጠይቅ ምን ይጎድላል?» አለኝ። ይህን ጠቅልሎ የመጠየቅ ዘዴ አንድ የሙያ ባልንጀራዬ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰብከው ኖሯል፤ እኔም ያን ያህል ዘመን ስቃወመው ኖሬአለሁ።

በጕልማስነቴ ባለሦስት ፎቅ ቤት ስሠራ፣ የመጀመሪያው ፎቅ ሶሌታ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ፣ ባለቤቱ ቡና እየጠጣን ደረጃው ወደ ጓሮ በኩል እንዲዛወር አዘዙ። እኔም ክብራቸውን ፈርቼ «እሺ» ከማለት በቀር ብዕር አላነሣሁም። 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለውን ሶሌታ 3 በ5 ሜትር አድርገን ስንሰብር፣ ሁለት ሜትር ኩብ ከሩብ አርማታ በእጅ ጋሪ ወጣ፤ የቀድሞው ክፍት ቦታም ፌሮ ታስሮለት ተሞላ፣ ተለሰነም። በመጨረሻ ጭማሪ ብጠይቅ አማካሪው መሐንዲስ የተሻሻለውን ፕላን ዘርግተው፣ «ውሉ አንድ ደረጃ ይላል፤ ፕላኑም አንድ ደረጃ ያሳያል፤ ጭማሪው የት አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የተሻሻለ ፕላን የቆመውን እንጂ የፈረሰውን አያሳይምና። ከዚያ ቀዳዳ የተቆረጠች የፌሮ ስባሪ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ትጭናለች።

ስለዚህ ትእዛዙ በቃል በተሰጠ ዕለት፣ «እንዲህ ብለው አዘውናል፤ እኛም የውል ለውጥ አድርገን ወስደነዋል፤ በጽሑፍ ያጽኑልን» የምትል አጭር ደብዳቤ ትላክ፤ የሚፈርሰውም ሳይፈርስ ከአማካሪው ተወካይ ጋር ተለክቶ በሁለት ፊርማ ይጽና። ለአዲሱ ሥራ የውሉን የነጠላ ዋጋ መቀበል የሚገባው የሥራው ጠባይ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ ነው፤ ሙሉ ወለል በአንድ ቀን መሙላትና በባልዲ ተሸክሞ አንዲት ቀዳዳ መድፈን፣ ሁለቱም «አርማታ» ቢባሉም፣ ዋጋቸው አንድ አይደለም። አዲስ ፕላን ሲጠበቅ ሥራ ፈትቶ የዋለው አናጢና ግንበኛም በየዕለቱ የሥራ መዝገብ ላይ ይስፈር። ባልንጀራዬ ግን ሲሚንቶ አልቆበት ራሱ የቆመበትን ቀን ሳይቀር ከዚያው ይደምረዋል፤ አማካሪውም ያችን አንዲት ሐሰት ባገኘ ጊዜ እውነተኛውን ሁሉ ይጠረጥራል።

የፊዲክ የ1999 ቀይ መጽሐፍ ኮንትራክተሩ ነገሩን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ የመጠየቅ መብቱ ይቀራል ይላል፤ የዚያ ወጣት ውልም በእርሱ የተሠራ ነው። አሠሪው ለውጡን ያዘዙት ከ9 ቀን በፊት እንደ ነበር ነገረኝ፤ እንግዲህ ያን ዕለት የቀረው 19 ቀን ነበር።