ያልተለካው የደም ግማሽ፦ የአምባራሱ ጥናት ሲመረመር

እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል ከአምስት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጡ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ አምሃ ገብረመድኅን ናቸው። ጥናቱ በስሜን ተራሮች፣ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ይመለከታል። የብረት እጥረት፣ የሄሞግሎቢን ችግርና ሥር የሰደደ ብግነት ያለባቸው ቀድመው ተለይተው ወጥተዋል። የተለካው ሁለት ነገር ነው፦ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን መጠንና ሄሞግሎቢኑ ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘ። ሄሞግሎቢኑ በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። የኦክስጅን ሙሌቱ ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ወጣ።

እነዚህ ቁጥሮች በዓለም ላይ ትልቅ መነጋገሪያ የሆኑት በምክንያት ነው። የአንዲስ ተራራ ሰው ኦክስጅን ሲያንሰው ሄሞግሎቢን ያበዛል። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑን ሳያበዛ ዝቅተኛውን ሙሌት ተሸክሞ ይኖራል። የአምባራስ ሰው ግን ሁለቱንም አላደረገም፤ ደሙ በባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ደም ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዎቹም ይህን ሦስተኛው የመላመድ መንገድ ብለው አቀረቡት።

ዱርቤቴ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ጥናት ለሚያነብ ሰው ቁጥሩ ሌላ ትርጉም አለው። ዱርቤቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 600 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል በመሆኑ፣ የአንድ ጤነኛ ሰው ሙሌት በስሌት ከ93 እስከ 95 በመቶ ይጠበቃል። ስለዚህ ጥናቱ የሚለው፣ ከዱርቤቴ 1500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ሙሌቱ ከዱርቤቴ ገበሬ አይለይም ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? ጥናቱ ጥያቄውን አንሥቶ መልሱን ያልያዘው የደሙን ሌላኛውን ግማሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስላልለካ ይመስለኛል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሳንባ ጋር ብቻ የሚያያዝ ቆሻሻ አይደለም፤ የደምን አሲድነት የሚወስን ነገር ነው። ጡንቻና ሌላው አካል ኦክስጅን ተጠቅሞ ሲያበቃ የሚያወጣው ጋዝ ወደ ደም ይገባል። ጥቂቱ ብቻ እንዲሁ ሟሙቶ ይቀራል። ሌላ ጥቂት እጅ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። የሚበዛው ክፍል፣ ከመቶ 70 ያህሉ፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ከውኃ ጋር ይዋሃዳል፦

CO2 + H2O ⇌ H2CO3 ⇌ H+ + HCO3-

ይህ ውህደት በራሱ ዝግተኛ ነው፤ ደሙ በቀጭኗ የደም ሥር ውስጥ የሚቆይባት ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም ስለማትዘልቅ በዚያ ፍጥነት ሥራው አያልቅም። የሚያፋጥነው ቀይ ሴል ውስጥ ያለ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ውጤቱ ባይካርቦኔትና የሃይድሮጅን አዮን ነው። ባይካርቦኔቱ በክሎራይድ ተለዋውጦ ከሴሉ ወጥቶ በፕላዝማ ይጓዛል። የሃይድሮጅን አዮኑ፣ አሲዱ ማለት ነው፣ እዚያው ይቀራል፤ ሄሞግሎቢንም ይይዘዋል። ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን አሲድን በተሻለ ስለሚቀበል፣ ኦክስጅን ማድረስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሰብሰብ በአንድ ሞለኪውል ላይ ተያይዘዋል። ሳንባ ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ ኋላ ይዞራል፦ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ አሲዱን ይለቃል፣ አሲዱ ባይካርቦኔቱን ያገኛል፣ ጋዝ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል። የአምቦ ውኃ ምላስ ላይ የሚቆረቁረው ጣዕም ዋናው ምክንያቱ ከዚሁ ጋዝና ውኃ የሚወለደው አሲድ ነው።

ደም ግን እንደ አምቦ ውኃ አይኮመጥጥም፣ ፒኤቹ 7.4 አካባቢ ይጸናል። ይህን የሚጠብቀው ባይካርቦኔትና የሟሟው ጋዝ ያላቸው ንጽጽር ነው። በባሕር ዳርቻ ሰው ላይ ባይካርቦኔቱ 24 ሚሊሞል በሊትር፣ የጋዙ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። 40ን በ0.03 ብናባዛ የሟሟው ጋዝ 1.2 ይሆናል፤ 24 ለ1.2 ሲካፈል 20 ነው። ሃያ ለአንድ የሆነ ንጽጽር ፒኤቹን 7.4 ያደርገዋል። ጋዙን የሚቆጣጠረው ሳንባ ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ይለውጠዋል። ባይካርቦኔቱን የሚቆጣጠረው ኩላሊት ነው፣ ቀናት ይፈልጋል።

አሁን የዱርቤቴ ሰው ወደ አምባራስ ቢወጣ ምን እንደሚሆን እንከተል። ለቀላልነት የባሕር ዳርቻውን ቁጥር መነሻ እናድርግ፣ እውነተኛው የዱርቤቴ ሰው የጋዝ ግፊት በጥቂቱ ከ40 ያነሰ ቢሆንም። አየሩ ሲሳሳ ሰውየው በጥልቅ መተንፈስ ይጀምራል፣ የጋዙ ግፊት ወደ 30 ይወርዳል። ባይካርቦኔቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ 22 ብቻ ስለሚቀንስ ፒኤቹ 7.49 ገደማ ይደርሳል፤ ደሙ አልካሊ ሆነ ማለት ነው። ይህ አልካሊነት አተነፋፈሱን በከፊል ይይዘዋል፣ በተለይ ሌሊት ሲተኛ። በሚቀጥሉት ቀናት ኩላሊቱ ባይካርቦኔትን በሽንት እያስወጣ ወደ 19 ሲያደርሰው ፒኤቹ ወደ 7.42 ይመለሳል፣ ትንፋሹም ይለቀቃል። ዝቅ ያለ ባይካርቦኔት እንግዲህ ሰው ለረጅም ጊዜ በብርቱ ሲተነፍስ እንደቆየ የሚናገር መዝገብ ነው።

ይህ መዝገብ ለአምባራሱ ጥያቄ ለምን ያስፈልጋል? በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ 500 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወደ ሳንባ የሚገባው አየር ከውኃ ተን ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የኦክስጅኑ ግፊት 95 ያህል ይቀራል። ከዚህ ላይ የሳንባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻውን ይወስዳል፦ የጋዙን ግፊት ለ0.8 አካፍለን እንቀንሳለን። ግፊቱ 40 ከሆነ ለኦክስጅን 45 ይቀራል፣ ሙሌቱ ወደ 80 በመቶ ይወድቃል። ሰውየው በብርቱ ተንፍሶ ወደ 30 ካወረደው 57 ይቀራል፣ ሙሌቱ 88 ወይም 90 አካባቢ ይሆናል። 95 ለመድረስ ግን በተለመደው ሄሞግሎቢን 75 ወይም 80 ያህል ግፊት ያስፈልጋል። ትንፋሽ ብቻውን ወደዚያ አያደርስም።

የቀረው መንገድ አሲድነቱ ነው። ክርስቲያን ቦርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1904 እንዳሳዩት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ሲቀንሱ ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት የኦክስጅን ግፊት አልካሊ ደም ከፍ ያለ ሙሌት ያሳያል። ነገር ግን 57 ላይ ያለ ደም በዚህ መንገድ ብቻ 95 በመቶ እንዲሞላ ፒኤቹ 7.7 ገደማ መድረስ አለበት። በጤና የሚኖር ሰው በዚያ ፒኤች አይገኝም። እንግዲህ ወይ የአምባራስ ሰው ሄሞግሎቢን በሌላ ምክንያት ኦክስጅንን ያጠብቃል፣ ወይ በመሣሪያውና በአለካኩ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ሙሌቱን የለካው ኦክሲሜትር የሚያየው የደሙን ቀለም በብርሃን ነው፣ ሁለት በመቶ ወደዚህና ወደዚያ ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ ግን ከ90 እስከ 95 ያለውን ክፍተት አይሞላም።

ለጸሐፊዎቹ ፍትሕ ላድርግ። የደም ቧንቧ ወግቶ የጋዝ ምርመራ መሥራት በተራራ ላይ ከባድ ነው፤ ናሙናው በበረዶ ካልተያዘ ሴሎቹ ኦክስጅን እየበሉ አሲድ ያመነጫሉ፣ በመርፌው ውስጥ የቀረች የአየር አረፋም ውጤቱን ታዛባለች። ይሁን እንጂ ሄሞግሎቢኑን ለመለካት ደም ከሥር ተቀድቷል። ከዚያው ደም ባይካርቦኔቱን በአጠቃላይ መልኩ መለካት ይቻል ነበር፣ ለዚህ ትክክለኛ የጋዝ ምርመራ አያስፈልግም። ቁጥሩ 24 ቢወጣ የአምባራስ ሰው በብርቱ አይተነፍስም ማለት ነበር፣ ስለ ሄሞግሎቢኑ ልዩነትም ጠንካራ ማስረጃ በሆነ። 18 ወይም 19 ቢወጣ ግን የከፍታው ሕግ እዚያም እየሠራ እንደሆነ፣ ትንፋሹ ትልቁን ድርሻ እንደያዘ በታወቀ። ሁለት ተቃራኒ መልሶችን የሚለይ ቁጥር በእጃቸው ባለው ደም ውስጥ ነበር፤ ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ቢል ራሳቸው የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ስሜን ላይ በ3700 ሜትር የሚኖሩ አማሮችን በቆላ ከሚኖሩ ወገኖቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። የደጋዎቹ ሙሌት ከቆላዎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ የመጀመሪያውን ውጤት ሙሉ በሙሉ ባይሽረውም፣ 95.3 የሚለው ቁጥር የአምባራስ ሰው ደም ከከፍታው ነጻ ወጥቷል ማለት እንዳልሆነ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ደጋ ጥናት አቅጣጫ ወደ ዘር ቅንጣት አደላ። የባይካርቦኔቱ ጥያቄ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ይህ ለተመራማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሳንባው ለዓመታት የታመመ ሽማግሌ ተኝቶ ጣቱ ላይ ኦክሲሜትር ይደረግለታል። ኦክስጅን ሲሰጠው ሙሌቱ 97 ይደርሳል፣ ሁሉም ይረጋጋል። ነገር ግን ሰውየው በደንብ መተንፈስ ካልቻለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይከማቻል፣ ደሙም አሲዳዊ ይሆናል፣ ቁጥሩ ሳይናገር። ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ እጁ ይሞቃል፣ ሲጠራ ቀስ ብሎ ይመልሳል። እዚያ ላይ ኦክስጅን ሙሉ በሙሉ መከልከል ሌላ አደጋ ነው፤ ሐኪሞች ሙሌቱን ከ88 እስከ 92 መካከል ለመያዝ ኦክስጅኑን በጥቂት በጥቂት ያስተካክላሉ፣ ንቃቱንም አብረው ይከታተላሉ። ይህ ክልል በባሕር ዳርቻ የወጣ መሆኑን ማስታወስም አይከፋም፤ በ2000 ሜትር የጤነኛው ራሱ ከ93 እስከ 95 ሆኖ ሳለ ለሕመምተኛው ከ92 በላይ መፈለግ ትርጉም ያንሰዋል። የተጠራቀመው ጋዝ ከቆየ ኩላሊቱ ባይካርቦኔቱን ወደ 32 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ ፒኤቹን ወደ ልኩ ያስጠጋል። እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ባይካርቦኔት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ሲታይ፣ ሰውየው ለረጅም ጊዜ በቂ ሳይተነፍስ እንደኖረ ይጠቁማል፤ የአምባራሱ ጥናት ከሰዎቹ ሥር በተቀዳው ደም ውስጥ ሳይመለከተው ያለፈውም ይኸው ዓይነት መዝገብ ነበር።