የዳነ ቁስል፣ ያልዳነ ሕመም፦ «ማዕከላዊ ትብነት» በማስረጃ ሲመዘን

አጥንቱ ከገጠመ፣ ጠባሳው ከደረቀና የደም ምርመራው ከጠራ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቀው ሕመምተኛ ለሐኪሙ ከባድ ፈተና ነው። ለዚህ ፈተና ቀድሞ ይሰጡ የነበሩት መልሶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው «ያልታየ ቁስል ይኖራል» በማለት ምርመራውን፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምናውን መደጋገም ነው። ሁለተኛው «ምንም የለብህም» ብሎ ማሰናበት ነው። ባለፉት 40 ዓመታት ሦስተኛ መልስ ተጨምሯል። ቁስሉ ቢድንም ዜናውን የሚቀበለው የነርቭ ማዕከል ከልክ በላይ ትብ ሆኖ ቀርቷል የሚለው ነው። በሙያው ሴንትራል ሴንሲታይዜሽን የተባለውን ይህን ሁኔታ እዚህ ማዕከላዊ ትብነት እንለዋለን።

ይህ ሐሳብ ለብዙ ሕመምተኞች ባለውለታ ነው፤ የሚሰማቸው ሕመም የፈጠራ እንዳልሆነ በቤተ ሙከራ አስመስክሮላቸዋልና። ዳሩ ግን ስሙ ከማስረጃው ቀድሞ እየሮጠ፣ ራጅ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ብቻ የሚለጠፍ ምልክት ወደ መሆን ተቃርቧል። ስለዚህ ማስረጃው እስከ የት እንደሚያደርስ መመዘን ተገቢ ይሆናል።

መነሻው ክሊፎርድ ዉልፍ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 በኔቸር መጽሔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። ዉልፍ የአይጥን የኋላ እግር በሙቀት ከጎዳ በኋላ እግሩን የሚያሳጥፉትን የእንቅስቃሴ ነርቮች ምላሽ መዘገበ። ከጉዳቱ በኋላ ነርቮቹ በቀላል ንክኪ መነሣት ጀመሩ፤ ምላሻቸው ረዘመ፤ ምላሽ የሚቀሰቅሰውም የቆዳ ክልል ሰፋ። ከሁሉም በላይ ግን ያልተጎዳው የሌላው እግር ንክኪ ሳይቀር የተጋነነ ምላሽ ያስነሣ ጀመር። የተጎዳው እግር በአካባቢ ማደንዘዣ ሲደነዝዝም ይህ መጋነን አልጠፋም። ለውጡ ያለው ቆዳው ላይ ቢሆን ኖሮ በማደንዘዣው በጠፋ ነበር። ስላልጠፋ ቦታው ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ መሆን ነበረበት።

የለውጡ አሠራር ከዚያ በኋላ በዝርዝር ታውቋል። ከጉዳት የሚመጣውን መልእክት ሲ ፋይበር የተባሉት ቀጫጭን ነርቮች ወደ ኅብለ ሰረሰሩ የኋላ ቀንድ ያደርሳሉ። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ኤንኤምዲኤ የሚባል ተቀባይ አላቸው፤ በሩም በአዘቦት ጊዜ በማግኒዥየም የተደፈነ ነው። መልእክቱ በብዛትና ያለ ዕረፍት ሲጎርፍ ማግኒዥየሙ ይነሣል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም ለቀጣዩ መልእክት ይበልጥ ዝግጁ ይሆናል። በተጓዳኝ፣ መልእክቱን የሚገቱት ሕዋሳት ልጓም ይላላል። ቀድሞ ሕዋሱን ለመቀስቀስ አቅም ያልነበረው የንክኪ ነርቭ ደካማ መልእክት ያን ጊዜ የሕመምን በር ይከፍታል። ጥጥ ሲነካው የሚያመው ሰው አለ የምንለው ለዚህ ነው።

በሰው ላይም በ1992 እ.ኤ.አ. ቶሬብዮርክና ባልደረቦቹ ይህንኑ በሚያምር ዘዴ አሳይተዋል። ቀጭን መርፌ ኤሌክትሮድ ወደ ነርቩ አስገብተው የንክኪ ፋይበሮችን በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ ሰውየው ንክኪ ብቻ ይሰማው ነበር። ካፕሳይሲን፣ ማለትም በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ንጥረ ነገር፣ በአቅራቢያው ባለ ቆዳ ከተወጋ በኋላ ግን ያው ቅስቀሳ ሕመም ሆነ። ቅስቀሳው ከቆዳ ሳይሆን ከነርቩ ግንድ የተነሣ ስለሆነ የተለወጠው ተቀባዩ ማዕከል እንጂ ቆዳው አይደለም። ካፕሳይሲኑ ያስነሣው ትብነት ሲበርድ ስሜቱ ወደ ንክኪነቱ ተመለሰ።

ሂሳችን የሚጀምረው ከዚህች የመጨረሻ ነጥብ ነው። ስሜቱ ተመለሰ። በነዚህ ሙከራዎች የታየው ትብነት ዕድሜው የሚቆጠረው በደቂቃና በሰዓት ነው፤ የሕመምተኞቻችን ሕመም ግን የሚቆጠረው በወርና በዓመት ነው። በመካከሉ ያለውን ገደል ለመሻገር፣ ማዕከሉ አንድ ጊዜ ከነቃ በኋላ ያለ ምንም ቀስቃሽ ለዓመታት ነቅቶ ይኖራል የሚል ግምት ይጨመራል። የ1983ቱ ሙከራ ይህን አላሳየም፤ ላሳይ ብሎም አልተነሣም።

ግምቱን የሚፈትኑ የሰው ጥናቶችም ጥንቃቄን ያስተምራሉ። ሪቻርድ ግሬስሊና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ከጉዳት በኋላ እጅና እግራቸው ለንክኪ ትብ የሆነባቸውን አራት ሕመምተኞች መረመሩ። ሕመሙ የጀመረበትን ጠባብ ቦታ በሊዶኬይን ሲያደነዝዙ፣ ርቆ በሚገኘው ባልደነዘዘ ቆዳ ላይ የነበረው የንክኪ ሕመም ሁሉ ረገበ። ማደንዘዣው ሲለቅም ተመለሰ። ኮሴክና ኦርደበርግ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የዳሌ መገጣጠሚያቸው ያረጀ ሰዎች የሕመም ቁጥጥር ሥርዓት ተዛብቶ እንደነበር፣ መገጣጠሚያው በቀዶ ሕክምና ተተክቶ ሕመሙ ከጠፋ በኋላ ግን መስተካከሉን አሳይተዋል። በነዚህ ሰዎች ማዕከሉ በእርግጥ ትብ ነበር፤ ትብነቱን ያቆየው ግን ከውጭ የሚመጣ ያላቋረጠ መልእክት ነበር። እሳቱ የተቀጣጠለው በማዕከል ቢሆንም ማገዶው ከዳር ይመጣ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ማዕከላዊ ትብነት አለ» ማለትና «ዳሩ ድኗል» ማለት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንዱ ሌላውን አያረጋግጥም።

ልዩነቱ ለሕክምና ምን እንደሚፈይድ ለማስረዳት በተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እንየው። የ42 ዓመት ሴት ከዘጠኝ ወር በፊት የውጪው ቁርጭምጭሚት አጥንቷ ተሰብሮ በብረት ታስሯል። ራጁ አጥንቱ መግጠሙን፣ ብረቱም አለመላላቱን ያሳያል። ትኩሳት፣ ፈሳሽ ወይም የደም ምርመራ መዛባት የለም። የሁለቱ እግሮች ሙቀት፣ ቀለምና ላብ አንድ ዓይነት ነው፤ እብጠትም የለም። እርሷ ግን «ይለበልበኛል፣ አንሶላ ሲነካኝ አልችልም» ትላለች። ለወራት የወሰደችው ዳይክሎፌናክ ጨጓራዋን ከመጉዳት በቀር አልረዳትም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ቆዳውን በጥጥ እየዳሰሰ የሚያመውን ክልል በእስክሪብቶ ያሰምራል። ክልሉ ከጠባሳው ተነሥቶ የእግሩን ጀርባ ይሸፍንና ወደ ተረከዙ ውጪያዊ ጎን ያልፋል። ቀጥሎ በደነዘዘ መርፌ ጫፍ አንድ ጊዜ ይነካል፤ ሕመሙን ከአሥር 3 ትለዋለች። በዚያው ኃይል በሰከንድ አንድ ጊዜ አሥር ጊዜ ሲደጋግም 7 ይደርሳል፤ ከቆመ በኋላም ይቆያል። በጤናማው እግር ላይ ከ2 ወደ 3 ብቻ ከፍ ይላል። ክንዷ በአውራ ጣት ሲጫን ከወትሮው የተለየ ሕመም የለም። እስከዚህ ያለው ማዕከላዊ ትብነት ለመኖሩ በቂ ጥርጣሬ ይሰጣል፤ መላ ሰውነትን ያላዳረሰ መሆኑንም ይነግረናል።

እዚህ ላይ ማቆም ግን ስሕተት ነው። ጠባሳው በጣት ሲቆረቆር በእግሯ ጀርባ ላይ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ይህም በዚያ በኩል የሚያልፈው ሱፐርፊሻል ፔሮኒያል ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ሐኪሙ ስለ መድኃኒት አለርጂ ጠይቆ፣ ቦታውን አጽድቶና መርፌው የደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን አረጋግጦ 1 በመቶ ሊዶኬይን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር በነርቩ ዙሪያ ይወጋል። ከ15 ደቂቃ በኋላም በጥጥ ካርታውን እንደገና ይሠራል። ነርቩ የሚያዳርሰው የእግር ጀርባ መደንዘዙ የሚጠበቅ ስለሆነ ብዙ አይነግረንም። የሚታየው ያልደነዘዘው የተረከዝ ጎን ነው። የዚያ ንክኪ ሕመምም አብሮ ከረገበ ማዕከሉን እያነቃ ያለው የተጎዳው ነርቭ ነው፤ ነርቩንም ማከም ያሻል። ካልረገበ ደግሞ ማዕከሉ በራሱ ቆሟል፣ ወይም ሌላ ምንጭ አለ።

ይህም ፈተና ዳኛ አይደለም። ሊዶኬይን ወደ ደም ገብቶ በራሱ ሕመም ሊያስታግስ ይችላል፤ የመርፌው ተስፋም እንዲሁ። ስለዚህ በሌላ ቀን መድገም፣ የማስታገሻው ጊዜ ከማደንዘዣው ጊዜ ጋር መግጠሙንም ማየት ይገባል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በትርጓሜው ላይ፣ ይህ ትብነት በሕክምና ክፍል የሚታወቀው በተዘዋዋሪ፣ ከምልክቶቹ ተነሥቶ ብቻ መሆኑን አስፍሯል። የአንድን ሕመምተኛ የኋላ ቀንድ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በእጃችን የለም።

ከዚህ አንጻር በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው 25 ጥያቄዎች ያሉት የማዕከላዊ ትብነት መጠይቅ ሊተች ይገባዋል። ከመቶ 40ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ትብነት አለበት ተብሎ ይገመታል። ነገር ግን ብዙዎቹ ጥያቄዎች ስለ እንቅልፍ፣ ድካም፣ ጭንቀትና የማስታወስ ችግር የሚጠይቁ ናቸው። በኋላ የተደረጉ ንጽጽሮች ውጤቱ ከጭንቀትና ከድባቴ መለኪያዎች ጋር በጥብቅ፣ በቆዳና በጡንቻ ላይ ከሚደረገው የስሜት ፈተና ጋር ግን በደካማው እንደሚዛመድ አሳይተዋል። መጠይቁ የሕመምተኛውን ሸክም ይመዝናል፤ የኅብለ ሰረሰሩን ሁኔታ ግን አይመዝንም። በስሙ ተማምኖ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት የሚያነበው ሐኪም፣ የተጎዳ ነርቭ ያላትን የተጨነቀች ሴት «ችግርሽ ማዕከላዊ ነው» ብሎ ሊያሰናብታት ይችላል። ይህ ደግሞ «ምንም የለብሽም» የሚለው አሮጌ መልስ በአዲስ ልብስ መመለሱ ነው።

ማዕከላዊ ትብነት ስለ መኖሩ ጥያቄ የለም፤ የሚጠየቀው ማን እንዳቆየው ነው። መልሱ የሕክምናውን አቅጣጫ ይለውጣል። በምሳሌያችን የተጎዳው ነርቭ አቀጣጣይ ሆኖ ከተገኘ፣ ጠባሳው የያዘውን ነርቭ ማላቀቅ ወይም ነርቩን ደጋግሞ ማደንዘዝ ትርጉም ይኖረዋል። ካልተገኘ ግን ብረቱን ለማውጣት ተብሎ እግሯን እንደገና መክፈት አዲስ የሲ ፋይበር ጎርፍ መጋበዝ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ዳይክሎፌናኩን አቁሞ፣ የልብ ምት መዛባትና ግላኮማ አለመኖሩን አጣርቶ አሚትሪፕቲሊንን ማታ በ10 ሚሊ ግራም መጀመርና ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ እርምጃዋንም በሕመሙ ልክ ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ መጠን በየሳምንቱ ማስረዘም ይቻላል። ለእርሷ የሚነገራትም ማስረጃው የሚፈቅደው ያህል መሆን አለበት፦ አጥንትሽ ገጥሟል፤ ሕመምሽ እውነተኛ ነው፤ ሕመሙን የሚቀበለው ሥርዓት ትብ ሆኗል፤ ትብ ያደረገው ነገር አሁንም መኖር አለመኖሩን ግን ገና እየፈለግን ነው።