የሳምንቱን ዳሽቦርድ ከታች ጀምሮ ማንበብ

የማስታወቂያ ሳምንታዊ ዳሽቦርድ ሲደርሰኝ ግራፎቹን አልፌ ወደ ፒቮት ቴብሉ የመጨረሻ መስመር እወርዳለሁ፤ `Grand Total` ወደሚለው። ሥራው የተጣደፈ ወይም የታሰበበት መሆኑን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ መለየት ይቻላል። ቀለሙና ክብ ግራፉ ማንም ሊያሳምረው የሚችል ነገር ነው።

ለምሳሌ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን አዲስ አበባ ላለው ቤተሰባቸው በግና ኬክ የሚያዝዙበት አንድ ድረ ገጽ እናስብ። ማስታወቂያው ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ይወጣል፣ ክፍያው በዶላር ነው። ባለሙያው ከሜታ የማስታወቂያ መለያ በየቀኑ የተከፋፈለ ፋይል አውርዶ ኤክሴል ውስጥ ያስገባል፤ በላዩም ፒቮት ይሠራል። በፋይሉ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ካምፔን የአንድ ቀን ውጤት ነው፦ ቀኑ፣ የታየበት ብዛት፣ ክሊኩ፣ ትእዛዙና ወጪው።

መጀመሪያ የማደርገው ጠቅላላ ወጪውን ከማስታወቂያ መለያው ጋር ማስተያየት ነው። ልክ በእጥፍ ከበለጠ ምክንያቱን ብዙም መፈለግ አያስፈልግም። ፋይሉ ሲወርድ የድምር መስመር አብሮ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ኤክሴልም ያንን መስመር እንደ አንድ ተጨማሪ ቀን ቆጥሮታል። የካምፔን ስም ስለሌለው ፒቮቱ ውስጥ `(blank)` ተብሎ ይቀመጣል። ደካማው ሠራተኛ `(blank)`ን በማጣሪያ ደብቆ ያልፋል። ጎበዙ ግን መስመሩ ገና ከምንጩ እንዳይገባ በፓወር ኩዌሪ ያስወግደዋል፤ ምክንያቱም ማጣሪያው በሚቀጥለው ፒቮት ላይ ይረሳል።

ቀጥሎ አንዱን ቁጥር ሁለቴ ክሊክ አደርጋለሁ። እውነተኛ ፒቮት ከሆነ ቁጥሩ የተገነባባቸው መስመሮች በአዲስ ገጽ ይዘረገፋሉ። ምንም ካልመጣ ያየሁት የተለጠፈ ቁጥር ነው፤ ከየት እንደመጣ የለጠፈው ሰው ብቻ ያውቃል። `Sum of` መሆን የሚገባው አምድ ላይ `Count of` የሚል ካለም እቆማለሁ፤ ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አምዱ ውስጥ ጽሑፍ ወይም ባዶ ቦታ ሲኖር ነው፣ ፒቮቱም ዶላር መደመሩን ትቶ መስመር መቁጠር ጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው መለያ፣ ወደ ምጣኔዎቹ፣ እንምጣ። የወረደው ፋይል በየመስመሩ የክሊክ መቶኛ ይዞ ይመጣል። ስንፍናው ያንን አምድ ፒቮት ውስጥ ጎትቶ `Average` ማድረግ ነው። አንድ ቀን የበጉ ማስታወቂያ 10,000 ጊዜ ታይቶ 100 ክሊክ አገኘ እንበል፤ 1 በመቶ ነው። በዚያው ቀን የኬኩ 200 ጊዜ ታይቶ 20 ክሊክ አገኘ፤ 10 በመቶ ነው። አማካዩን የወሰደ ዳሽቦርድ 5.5 በመቶ ይላል። እውነቱ ግን 120 ክሊክ ለ10,200 ዕይታ፣ ማለትም 1.18 በመቶ ገደማ ነው። አንዲት ትንሽ ካምፔን ውጤቱን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ አነሳችው። ጥሩ ሥራ የተዘጋጀውን መቶኛ ጨርሶ አይነካም፤ `Calculated Field` ከፍቶ ይህን ይጽፋል፦

```
='Link clicks'/Impressions
```

ይህ መስክ መጀመሪያ ይደምራል፣ ከዚያ ያካፍላል፤ ስለዚህ በካምፔንም ሆነ በጠቅላላው መስመር ላይ ትክክል ነው። የአንድ ትእዛዝ ዋጋም በዚሁ መንገድ መሰላት አለበት። ማስታወቂያውን ያዩ ሰዎች ቁጥር ግን በዚህም አይድንም። ሰኞ ያየችው ሴት ማክሰኞም አይታው ከሆነ የቀን ቁጥሮችን መደመር ሁለት ሰው ያደርጋታል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው በሳምንት ደረጃ ለብቻው አውርዶ ያስቀምጠዋል፤ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። መተዉ ለእኔ የብቃት ምልክት ነው።

ሳምንቱ ራሱ የት ይጀምራል? `WEEKNUM([@Day],2)` የተጠቀመ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰላም ሆኖ ይከርምና ገና ሲቃረብ ይሰናከላል። ከዲሴምበር 29 ቀን 2025 ሰኞ እስከ ጃንዋሪ 4 ቀን 2026 እሁድ ያለው አንድ ሳምንት ነው፤ ቀመሩ ግን ሦስቱን ቀን ሳምንት 53፣ አራቱን ሳምንት 1 ይላቸዋል። የበግ ትእዛዝ ለገና በሚጎርፍበት ሰሞን ግራፉ ሁለት ድንክ ዓምዶች ያሳያል፤ አለቃውም ገበያው ወደቀ ብሎ በጀት ይቆርጣል። መፍትሔው ለሳምንቱ ቁጥር ሳይሆን የሰኞውን ቀን መስጠት ነው፦

```
=[@Day]-WEEKDAY([@Day],2)+1
```

ይህ አምድ ከምንጩ ሠንጠረዥ ውስጥ ካለ ዓመት ሲለወጥም ሳምንት አይሰነጠቅም። ቀኑ እንደ ጽሑፍ የገባ ከሆነ ግን ይህም ቀመር ላይሠራ ይችላል፤ በተለይ ቀንና ወር ቦታ የተቀያየሩባቸው ፋይሎች ከ12 በኋላ ያሉትን ቀኖች ጽሑፍ አድርገው፣ የቀሩትን ወደ ሌላ ወር ይወስዷቸዋል። አምዱ ውስጥ አንዳንዱ ቀን ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ካያችሁ እሱ ነው።

ጥቂቶች ብቻ የሚያስቡበት ነገር የዘገዩት ትእዛዞች ናቸው። ሜታ ትእዛዝን የሚመዘግበው ግዢው በተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ማስታወቂያው በተነካበት ወይም በታየበት ቀን ነው፤ የተለመደው ቅንብሩም ከክሊክ በኋላ እስከ 7 ቀን ይጠብቃል። እሁድ ጃንዋሪ 4 ማታ ዋሽንግተን ሆኖ ማስታወቂያውን የነካ ሰው ማክሰኞ ቢያዝዝ፣ ትእዛዙ ወደ እሁድ ይመለሳል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የወጣው ያለፈው ሳምንት ቁጥር ገና አልበሰለም።

ወጪው 700 ዶላር ነበር እንበል። ሰኞ ጃንዋሪ 5 ላይ 35 ትእዛዝ ይታያል፤ አንዱ በ20 ዶላር። የበሰለው የቀደመ ሳምንት 640 ዶላር አውጥቶ 40 ትእዛዝ አምጥቷል፤ አንዱ በ16። ዳሽቦርዱ ቀይ ቀስት ይሰቅላል። በጃንዋሪ 12 የዚያው ሳምንት ትእዛዝ 50 ሲደርስ ዋጋው 14 ዶላር ይሆናል፤ ሳምንቱ የተሻለው ነበር።

ታዲያ የማየው ባለሙያው አዲሱን ሳምንት ብቻ ከሥር ይለጥፋል ወይስ በየሰኞው የአራት ሳምንቱን ፋይል አውርዶ አሮጌውን ይተካል የሚለውን ነው። ማረጋገጫው ያለፈው ሰኞ የተላከውን ፋይል ከዛሬው ጎን ከፍቶ የአንዱን ሳምንት ትእዛዝ ማስተያየት ነው። በየሳምንቱ አንድም ቁጥር ካልተነቃነቀ ማንም ተመልሶ አላወረደም ማለት ነው። ደህና ሥራ ከመጨረሻው ሳምንት አጠገብ «ያልተሟላ» የሚል ጽሑፍ ያኖራል፤ ቀስቱንም ከዚያ ሳምንት ላይ ያነሳል።

መልኩን በተመለከተ ብዙ አልጠይቅም። ምንጩ በ`Ctrl+T` ሠንጠረዥ ይሁን፤ አለበለዚያ አዲስ መስመሮች ከፒቮቱ ክልል ውጭ ይቀራሉ፣ `Refresh All` ቢነካም አይታዩም። ማጣሪያው ከአንድ በላይ ፒቮት የሚያዝዝ ከሆነ በ`Report Connections` ከሁሉም ጋር መያያዙን ነካ አድርጌ አያለሁ፤ ግማሹ ገጽ ስለ በግ፣ ግማሹ ስለ ሁሉም እንዳያወራ። `Autofit column widths on update` የሚለው ሳጥን ምልክቱ ከተነሳለት ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ፋይሉን ከማስረከቡ በፊት አድሶ አይቶታልና።