የአንዲት ተርጓሚ የዋጋ ኢሜይል

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትኖር ተርጓሚ ወዳጄ መገናኛ አካባቢ ላለ ደንበኛ ድርጅቷ የጻፈችውን ኢሜይል ፈቅዳልኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በገጽ 350 ብር ትሠራ ነበር። ኢሜይሉ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝን የ40 ገጽ ሰነድ አይቼዋለሁ፤ ብሠራው ደስ ይለኛል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተስማማንበትን ዋጋ እስካሁን አላሻሻልኩም ነበር። ከዚህ ሥራ ጀምሮ ዋጋዬ፣ ግብር ሳይቀነስ፣ በገጽ 450 ብር ነው። ትርጉሙን፣ አንድ ዙር እርማትንና የመጨረሻ ንባብን ይጨምራል። የድርጅቱ በጀት ለዚህ ካልበቃ፣ የመጨረሻው ንባብ በእናንተ በኩል ተደርጎ በ390 ብር ልሠራው እችላለሁ። ጊዜዬን እንድይዝላችሁ የሚስማማችሁን እስከ ሐሙስ ቢያሳውቁኝ።»

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው «ነው» የሚለው ቃል ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው «ትንሽ ብትጨምሩልኝ» ይልና ቁጥሩን ለሌላው ይተዋል፤ የመረረው ደግሞ «ከ450 በታች አልሠራም» ይላል። እሷ ዋጋዋን ተናግራ ወደ ሥራው ዝርዝር አለፈች። ይቅርታም ዛቻም የለበትም።

ምክንያቷም በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። የቤት ኪራይ ጨመረብኝ ብትል ኖሮ ተቀባይዋ ታዝንላት ይሆናል እንጂ ለፋይናንስ የምታስረዳው አታገኝም። እንዲህ ያለ ኢሜይል ደግሞ ፋይናንስ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። በዚያ ሐምሌ ወር ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህን የሒሳብ ሠራተኛው ያለ ማስረጃ ያውቀዋል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን 390ውን ነው። ዋጋው ሲወርድ ሥራውም አብሮ ይቀንሳል። ለ40 ገጽ ልዩነቱ 2,400 ብር ነው፤ ይህን ገንዘብ ያለ ምክንያት ብትተወው ኖሮ 450ው ከመጀመሪያውም የተጋነነ ነበር ማለት ይሆንባት ነበር። «የድርጅቱ በጀት» ማለቷም አንባቢዋን ከጥፋት ነጻ ያወጣታል፤ ተቀባይዋ ሳታፍር ዝቅተኛውን መምረጥ ትችላለች። ሐሙስም ማስፈራሪያ ያልሆነው ከቀጠሮ ጋር ስለታሰረ ነው። «እስከ ሐሙስ ካልመለሳችሁ» ብላ ቢሆን ኖሮ ያው ቀን በር መዝጊያ ይሆን ነበር።

ይህ አጻጻፍ ግን በሁሉም ቦታ የሚሠራ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ በደረጃና በእርከን የታሰረ ስለሆነ፣ የሚላክለት ኃላፊ ቢፈልግ እንኳ ቁጥሩን መለወጥ አይችልም።

መልሱ 390 ሆኖ መጣ። እሷም ሰነዱን ስታስረክብ የመጨረሻውን ንባብ እንዳላደረገች በአንድ መስመር ጽፋ ላከች። በሚቀጥለው ሥራ ደንበኛው ንባቡንም ጨምሮ በ450 አዘዘ።