የአያትን ፎቶግራፍ ቀለም ስለ ማልበስ፤ የጃኖው ጥለትና የፊቱ መልክ

በጥቁርና በነጭ የተነሣውን የአያት ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ቀለም አልብሶ እንደገና ማሳተም ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተለምዷል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚመዘነው ለዓይን በማማሩ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ቀለም ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። ከዚህ በታች የሚመረመረው የአንድ ቤተሰብ ሥዕል ይህን ጥያቄ ግልጽ አድርጎ ያሳያል።

ፎቶግራፉ በ1922 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በአንድ ስቱዲዮ የተነሣ ሲሆን፣ አንድ ሽማግሌ እጀ ጠባብ ለብሰው፣ በላዩም ጃኖ ደርበው ተቀምጠው ይታያሉ። ቀለም ሲለብስ የጃኖው ጥለት ጥቁር፣ ሸማው እንደ ወረቀት ነጭ፣ የሽማግሌውም ፊት ከግንባር እስከ አገጭ አንድ ዓይነት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ። በሕይወት ያሉት የቤተሰቡ ታላላቆች ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ሁለት ነገር ተቃወሙ። አንደኛ፣ አባታቸው የቀይ ዳማ እንጂ ጥቁር አልነበሩም፤ ሁለተኛ፣ ያ ልብስ የክብር እንጂ የሐዘን ልብስ አልነበረም። ቀለም አልባሹም በፎቶግራፉ ላይ ያገኘውን ጥቁረት ታምኖ እንደ ተከተለ ተናገረ። የስሕተቱም ሥር ይኸው እምነት ነው።

የጥንቱ ፎቶግራፍ ቅብ ብርሃንን የሚቀበለው እንደ ሰው ዓይን አይደለም። በመጀመሪያ ቅቡ የሚቀበለው ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ብርሃን ብቻ ነበር። ሄርማን ቮግል የተባለው ጀርመናዊ በ1873 እ.ኤ.አ. በቅቡ ላይ ማቅለሚያ በመጨመር አረንጓዴውንም እንዲቀበል የሚያደርገውን መንገድ አገኘ፤ ከዚህም ኦርቶክሮማቲክ የተባለው ቅብ ወጣ። ይህኛው ግን ለቀይ ብርሃን ዕውር ነው፤ ፎቶግራፈኞች በቀይ መብራት ሥር ሆነው ሊያጥቡት የቻሉትም ስለዚህ ነው። ቀዩንም ጭምር የሚቀበለው ፓንክሮማቲክ ቅብ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ለገበያ ቢቀርብም፣ አሮጌውን ቅብ ወዲያውኑ ከስቱዲዮ አላስወጣውም። እንግዲህ በኦርቶክሮማቲክ ቅብ ላይ ደማቅ ቀይ ጥለት እንደ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ፈካ ያለ ሰማያዊም እንደ ነጭ ይመስላል። የሰው ቆዳ፣ ይልቁንም ቡናማው፣ የሚመልሰው ብርሃን አብዛኛው ቀይ ስለ ሆነ፣ የቀይ ዳማው ፊት ከነበረው ጠቁሮ ይታያል።

የቅቡ ዓይነት ከፎቶግራፉ ራሱ ሊገመት ይችላል። ከንፈር ከጉንጭ እጅግ ጠቁሮ ከታየ፣ በፊት ላይ ያለውም ነጥብና ጠባሳ ከልክ በላይ ጐልቶ ከወጣ፣ ቅቡ ለቀይ ዕውር እንደ ነበረ ያመለክታል። በሥዕሉ ውስጥ ባለ ሦስት ቀለሙ ሰንደቅ ዓላማ ቢገኝ ደግሞ ምልክቱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ በኦርቶክሮማቲክ ቅብ ቀዩ ከሦስቱ ሁሉ የጠቆረ ሲሆን፣ በፓንክሮማቲክ ቅብ ግን ቀዩና አረንጓዴው ሊቀራረቡ ይችላሉ። በተጠቀሰው ፎቶግራፍ ሰንደቅ ዓላማ የለም፤ የሽማግሌው ከንፈር ግን እንደ ጥለቱ ጠቁሮ ይታያል። ቀለም አልባሹ ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ ጥቁረቱን ይጠራጠር ነበር።

ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ የሚያደርስ ፈተና አለ። ጃኖው በቤተሰቡ ሣጥን ተቀምጦ ኖሯል፤ ጥለቱም ቀይ ነው። በመልክ ይመስሏቸዋል የሚባለው የልጅ ልጃቸው ያንኑ ጃኖ ለብሶ፣ ከመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን፣ በዛሬ ካሜራ በቀለም ይነሣል። የዛሬው ፎቶግራፍ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተሠራ ስለ ሆነ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ቀዩ ዜሮ ይደረግና አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ተቀላቅለው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣሉ። ይህ የአሮጌውን ቅብ ዓይን በቅርብ ይመስላል። እንዲህ ሲደረግ ቀዩ ጥለት ጠቁሮ፣ የልጅ ልጁም ፊት ከአያቱ ፊት ጋር ተቀራርቦ ወጣ። ስለዚህ የታላላቆቹ ምስክርነት ከፎቶግራፉ ጋር የሚጋጭ ሳይሆን የሚስማማ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ቀለም የማልበሱ ተራ ይመጣል። በተለመደው አሠራር ቀለሙ በተለየ ንብርብር ላይ ይቀባና `Color` በሚባለው ስልት ከፎቶግራፉ ጋር ይዋሐዳል፤ ይህ ስልት የቀለሙን ዓይነት ብቻ ጨምሮ የፎቶግራፉን ብርሃንና ጨለማ እንዳለ ይተዋል። ስለዚህ ጠቁሮ የወጣውን ጥለት በቀይ ቢቀቡት ጥቁር ሆኖ ይቀራል እንጂ አይቀላም። አስቀድሞ ጥለቱንና ፊቱን ለየብቻ ከልሎ፣ በፈተናው ልክ ማፍካት ያስፈልጋል። ለማፍካቱም ወሰን አለው። ቤተሰቡ የቀላ አያት ስለ ወደደ ብቻ ፊትን ማንጣት፣ ፊትን ከማጥቆር ያላነሰ ሐሰት ነው፤ በአገራችን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር የሚሉት ቃላት ቀለምን ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮን ግምት ጭምር ስለሚሸከሙ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ይፈለጋል።

ፊቱ በአንድ ቡናማ መቀባቱ ሌላው ጉድለት ነው። የሰው ቆዳ ሁሉ፣ የቀላውም የጠቆረውም፣ በቀይና በቢጫ መካከል ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ የሚለያየው ይልቁንም በፍካቱና በድምቀቱ ነው። በአንድ ፊት ላይ ግን ያ ክልል ይንቀሳቀሳል። ደም ለቆዳው በሚቀርብበት በጉንጭ፣ በአፍንጫ ጫፍና በጆሮ ላይ ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ በግንባር ላይ ወደ ቢጫ ይጠጋል፤ ጢም በተላጨበት ቦታ ይቀዘቅዛል። ብርሃን በሚያብለጨልጭበት ቦታ የሚታየው የቆዳው ቀለም ሳይሆን የመስኮቱ ብርሃን ቀለም ነው፤ በተመረመረው ሥዕል ላይ ግንባሩ እንደ ሸክላ የመሰለው ያ ብልጭታ በቡናማ ስለ ተሸፈነ ነው። የዓይንም ነጭ ፍጹም ነጭ አይደለም፤ ፍጹም ነጭ ሲደረግ ዓይኑ ከፊቱ ተነጥሎ ይወጣል።

ስለ ሸማውም እንደዚሁ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ጥቂት ወተትማ ነው፤ በአንገት አጠገብ የቆዳውን ሙቀት፣ ከቀዩ ጥለት አጠገብም ስስ ቅላት ይቀበላል። ይህ ሳይጨመር ሲቀር ልብሱ የተለጠፈ እንጂ የተለበሰ አይመስልም።

ይሁንና ይህ ሁሉ ጥረት የጠፋውን ቀለም አይመልስም። አንድ ዓይነት ግራጫ ከብዙ ቀለም ሊወጣ ይችላል፤ ፈተናው ፈካ ያለ ሰማያዊ ጥለትን ያስወግዳል እንጂ ጥቁሩን በራሱ አያስወግድም፤ ጥቁሩን ያስወገደው ከሣጥኑ የወጣው ጃኖ ነው። ጃኖው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በምስክር ቃል ብቻ መቆም ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ባለቀለሙ ቅጂ ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ በጀርባውም ጥለቱ በልብሱ፣ የፊቱ መልክ በምስክርና በፈተና፣ የስቱዲዮው መጋረጃ ግን በግምት ብቻ እንደ ተቀባ ይጻፍበት። ይህ ካልተጻፈ የመጋረጃው ግምት ከጥለቱ እውነት ጋር እኩል ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል።