የተጠያቂው ሰዓት፦ ሰላምታና ዝምድና ከአናንዴል እስከ አዲስ አበባ

«እንደምን አደርክ» የሚለው ሰላምታ ተጠያቂው ያሳለፈውን ጊዜ፣ ጾታውን፣ ቁጥሩንና የሚገባውን አክብሮት በአንድ ግስ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ጠያቂው ከመናገሩ በፊት ስለ ተጠያቂው ማሰብ ግድ ይለዋል። ይህ ግዴታ ፊት ለፊት ሲገናኙ ብዙም አይሰማም፤ በቨርጂኒያ አናንዴል ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ለሚደውል ሰው ግን ሰላምታው ስሌት ይጠይቃል።

የሁለቱ አካባቢዎች የሰዓት ልዩነት በአሜሪካ በጋ 7፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ደግሞ 8 ሰዓት ነው። በሐምሌ ወር ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት ላይ ሊተኛ ሲል የሚደውል ሰው ወላጆቹን የሚያገኛቸው እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በመሆኑ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢደውል ደግሞ፣ እርሱ ገና ከእንቅልፉ ቢነሣም፣ እዚያ 10 ሰዓት ሆኗልና የሚስማማው «እንደምን ዋላችሁ» ነው። ደዋዩ የራሱን ሰዓት ትቶ በዘመዶቹ ሰዓት መናገሩ የቅርበቱ ዋና ምልክት ነው፤ የሚያሳልፉትን ቀን በሐሳቡ እንደሚከተል ያሳያልና። ሳይደውል ከሰነበተ ግሱም አብሮ ይለወጣል፤ «እንደምን ሰነበታችሁ» የቀናትን፣ «እንደምን ከረማችሁ» የወራትን ዝምታ ስለሚያመለክቱ፣ እናት «ምነው ጠፋህ?» ብላ ሳትወቅስ በፊት ልጁ ራሱ መጥፋቱን የሚያምንባቸው ሰላምታዎች ናቸው።

በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ ልጆች የሚቸገሩት በዚሁ ግስ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ከእናቷ በየጠዋቱ የምትሰማው «እንደምን አደርሽ» የሚለውን ስለሆነ፣ ስልኩ ሲሰጣት ለአያቷም ለአጎቷም ይህንኑ ልትደግም ትችላለች፤ ሰላምታውን ሸምድዳዋለች፣ የግሱን እርባታ ግን ገና አልያዘችም ማለት ነው። እርባታ የሚባለው ግስ እንደ ባለቤቱ መልኩን መለዋወጡ ሲሆን፣ ልጅቱ የምትለማመደው ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ለአጎት «አደርክ»፣ ለአያት «አደሩ»፣ ለተሰበሰቡት ሁሉ «አደራችሁ» እያለች ነው። ስለዚህ ስልኩን ለቤተሰቡ አባላት በየተራ የማቀበል ልማድ በመጽሐፍ ከሚሰጥ የእርባታ ትምህርት የበለጠ ያስተምራል ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ከአንድ ሰው ድምፅ ጋር ይያያዛልና።

በጽሑፍና በድምፅ መልእክት የተለመደው «ሰላም ነው?» ጊዜንም ጾታንም አይናገርም። አንዳንዶች ይህን ስንፍና ቢሉትም ፍርዱ ይከብዳል፤ መልእክቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚደመጥ ላኪው ስለማያውቅ «አደራችሁ» ወይም «ዋላችሁ» ብሎ መምረጥ ይቸግረዋል። ጉዳቱ የሚመጣው መልእክቱ ጥሪውን ፈጽሞ ሲተካው ነው፤ ያኔ ልጆች እርባታውን የሚሰሙበት ጊዜ አይኖርም።

ሰላምታ ግን እውነቱን ሁሉ አያወጣም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» የሚለው መልስ ሕመምንም ሐዘንንም ይሸፍናል፤ መርዶ፣ ማለትም የሞት ዜና፣ በባህሉ በስልክ በድንገት ስለማይነገር በባዕድ አገር ያለው ዘመድ የሚረዳው ብዙ ጊዜ ወዳጆቹ ቤቱ ድረስ መጥተው ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ደዋይ በጥቅሉ «ደህና ናችሁ?» ብሎ አያልፍም፤ «እማማስ? ጋሼስ?» እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ የታመመውም ሰው ራሱ ስልኩን ይዞ እንዲያናግረው ይለምናል።