የፍሬሙ ዕድሜ፦ ፈጣን የካሜራ ሥርዓትን መመዘኛ

በካሜራ ሰው፣ መኪና ወይም ዕቃ እየለየ የሚያሳይ ሥርዓት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠራው ቁጥር በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚያሠራ ነው። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚለካው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ መናኸሪያ በሰዓት ስንት ተሳፋሪ እንደሸኘ ማወቅ፣ አንዱ ተሳፋሪ ታክሲው እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ አይነግረንም። በቀጥታ በሚሠራ ካሜራ ላይ ሊመዘን የሚገባው የፍሬሙ ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ብርሃኑ ካሜራው ላይ ካረፈበት ቅጽበት አንሥቶ ውጤቱ እጃችን እስኪገባ የሚያልፈው ጊዜ ነው። መለኪያውም ውድ አይደለም። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አንድ ስክሪን ላይ ከፍቶ ካሜራውን ወደዚያ ማዞር፣ የሥርዓቱን ውጤት ከጎኑ ባለ ሌላ ስክሪን ማሳየት፣ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማንሣት ነው። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት የፍሬሙ ዕድሜ ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ወደ 17 ሚሊሰከንድ የሚደርስ ስሕተት ስለሚኖር ፎቶውን ደጋግሞ ማንሣት ያስፈልጋል።

ልዩነቱ እንዲታይ አንድ የመንገድ መጋጠሚያ ካሜራን እናስብ። በሰከንድ 30 ፍሬም ይልካል፤ ስለዚህ በየ33.3 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ይመጣል። እያንዳንዱን ምስል ለመፍታት 6፣ መጠኑን ወደ 640 በ640 ፒክስል ለመቀየር 5፣ ሞዴሉን ለማስላት 20፣ ተደራራቢ ሳጥኖችን ለማጣራት ደግሞ 4 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ሥራዎቹ በተራ ከተሠሩ ድምራቸው 35 ይሆናል። ከተፈቀደው የሚበልጠው በ1.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል። ሆኖም በአንድ ደቂቃ የሚመጡት 1,800 ፍሬሞች ለመጠናቀቅ 63 ሰከንድ ስለሚፈልጉ፣ ከደቂቃ በኋላ የምናየው ሳጥን የ3 ሰከንድ ያህል አሮጌ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ወደ 30 ሰከንድ ይጠጋል። ቪዲዮው ግን ሳይንቀጠቀጥ ስለሚሄድ ችግሩ በዓይን አይታይም። ስለዚህ የጥሩ ሥራ የመጀመሪያ ምልክት ወረፋ አለማጠራቀሙ ነው፤ ሞዴሉ ነፃ በሆነ ቁጥር የቅርቡን ፍሬም ብቻ ያነሣል፣ የቆየውን ይጥላል። ፍሬም መጣል መረጃ ማጣት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ለምስክርነት ለሚቀመጥ ቅጂ ተቃውሞው ትክክል ስለሆነ ቅጂው በሌላ መስመር ይቀመጥ። አሁን መንገድ ላይ ያለውን ለማወቅ ግን የሠላሳ ሰከንድ አሮጌ ምስል መረጃ መሆኑ ቀርቷል።

ወረፋው ከተስተካከለ በኋላ ኳንታይዜሽን ይመጣል። ሞዴሉ የሚያሰላባቸው ቁጥሮች እያንዳንዳቸው 32 ቢት ይይዛሉ፤ ወደ 8 ቢት ሲወርዱ ማኅደረ ትውስታው ሩብ ይሆናል፣ ስሌቱም ይፈጥናል። የሚከፈለው ዋጋ ዝርዝርነት ነው፤ በ8 ቢት የሚኖሩት 256 እርከኖች ብቻ ናቸው፣ ሰፊ የቁጥር ክልልም በእነዚያ መሸንሸን አለበት። በምሳሌአችን የሞዴሉ 20 ሚሊሰከንድ ወደ 10 ቢወርድ ጠቅላላው ከ35 ወደ 25 ይወርዳል። ሞዴሉ በእጥፍ ቢፈጥንም ሥርዓቱ የፈጠነው 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። እጥፍ ፍጥነት የሚያውጅ ባለሙያ የቱን እንደለካ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። መሣሪያውም መታየት አለበት። ለምሳሌ የመጀመሪያው የኤንቪዲያ ጄትሰን ናኖ ጂፒዩ ለ8 ቢት ስሌት የተለየ ማፍጠኛ የለውም፤ እዚያ ላይ የሚጠቅመው 16 ቢት ነው። ይህን ሳያውቅ ወደ 8 ቢት የወረደ ሰው ጥራት ከፍሎ ፍጥነት አላገኘም።

የባለሙያው እጅ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በሞዴሉ መጨረሻ ላይ ነው። በዮሎ ቤተሰብ ከሚገኙ ሞዴሎች አንዳንዶቹ የሳጥኑን ቦታ በፒክስል፣ ማለትም ከ0 እስከ 640 ባለው ቁጥር፣ የእርግጠኝነቱን መጠን ደግሞ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ሰጥተው ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ሠንጠረዡ በአንድ ሚዛን ወደ 8 ቢት ከወረደ የአንዱ እርከን ስፋት 640 ለ255 ሲካፈል፣ ወደ 2.5 ይሆናል። ለሳጥኑ ቦታ የሁለት ፒክስል ስሕተት ይቻላል። ከ1 የማይበልጠው እርግጠኝነት ግን ከመጀመሪያው እርከን ግማሽ እንኳ ስለማይደርስ ሁሉም ወደ ዜሮ ይጠጋጋል። ፕሮግራሙ አይቋረጥም፣ የስሕተት መልእክትም አይወጣም፤ ፍጥነቱ እንዳማረ ይሠራል፣ ሳጥን ግን አንድም አይወጣም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ ማውጣት፣ ወይም ቦታውን ለ640 አካፍሎ ከ0 እስከ 1 ማድረግ፣ ወይም ያንን የመጨረሻ ክፍል በ16 ቢት መተው ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥራን ለመለየት «የትኛውን ክፍል ሳትነኩ ተዋችሁት? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልስ ያለው ሰው ሞዴሉን ከፍቶ አይቶታል።

አማካይ ትክክለኛነት ብዙም ካልወረደ ምን ችግር አለ የሚሉ አሉ። አማካይ ግን ይሸፍናል። ኮኮ በተባለው የታወቀ የመፈተኛ ስብስብ ከ32 በ32 ፒክስል የሚያንሱ ነገሮች ለብቻቸው የሚመዘኑት በምክንያት ነው፤ ትልቅ አውቶቡስ የሁለት ፒክስል መንሸራተትን ይችላል፣ ሩቅ ያለ እግረኛ ግን አይችልም። የ8 ቢት ሚዛኖች የሚቆረጡበት የምስል ናሙናም ከራሱ ከካሜራው፣ ሌሊቱንና ዝናቡን ጨምሮ መወሰድ አለበት። በቀን ብርሃን ብቻ የተቆረጠ ሚዛን የጨለማውን ቁጥር ክልል አያውቅም።

ባቺንግ፣ ማለትም ብዙ ፍሬሞችን በጥቅል ማስላት፣ ሞልቶ እንደሚነሣው ታክሲ ነው። ከአንድ ካሜራ አራት ፍሬም ለመጠቅለል ከተጠበቀ የመጀመሪያው ፍሬም ገና ስሌቱ ሳይጀመር 100 ሚሊሰከንድ ያረጃል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ተጉዟል። በሰከንድ የሚሠራው ፍሬም ግን ስለሚጨምር ማስታወቂያው ያምራል። አራት ካሜራዎች ካሉ ነገሩ ይለወጣል። ሌሎቹ ሥራዎች ከሞዴሉ ጎን ለጎን ቢሠሩ እንኳ፣ ፍሬሞቹ በተናጠል ከተሰሉ ሞዴሉ ብቻ 4 ጊዜ 10፣ ማለትም 40 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ከ33.3 ያልፋል፤ በጥቅል 22 ቢፈጅ ግን ሁሉም ይደርሳል። ያኔ ባቺንግ ወረፋን ያጠፋል። ሆኖም የጥበቃው ጣሪያ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ትራይተን በተባለው የኤንቪዲያ ሰርቨር እንዲህ ይጻፋል፦

```
dynamic_batching {
  preferred_batch_size: [ 4 ]
  max_queue_delay_microseconds: 5000
}
```

ይህ ማለት አራት ባይሞላም ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ አትጠብቅ፣ በመጣው ተነሣ ነው። ጂፒዩው ሥራ ላይ እያለ የደረሱት ፍሬሞች ደግሞ አብረው ይጠቀለላሉ። የተቀረጸ ቪዲዮን ሌሊት ለሚመረምር ሥራ ግን የፍሬም ዕድሜ ትርጉም ስለሌለው ጥቅሉ እንደ ጂፒዩው አቅም ይተልቅ።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ሞዴሉ ሙሉ በሙሉ 8 ቢት መሆኑም፣ ጥቅሉ ትልቅ መሆኑም የሙያ ማስረጃ አይደለም። ሥራው የተሳካ ነው የምንለው የፍሬሙ ዕድሜ በመጀመሪያው ደቂቃ የነበረው ያው ሆኖ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲገኝ፣ ሩቅ ያለው እግረኛም በሌሊት ሳይጠፋ ሲቀር ነው። ሥርዓት የምትረከቡ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ፎቶውን በመጀመሪያው ደቂቃ አንሡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ድገሙት።